ከውጭ ሆኖ የትምህርት ቤት ክፍያን በየተርሙ መክፈል፦ «ደርሷል» ማለት «ተከፍሏል» ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት የሚማሩትን የወንድሜን ሁለት ልጆች የማስተምራቸው እኔ ነኝ። እስካሁን ለወንድሜ በአፕ እልክለታለሁ፣ እሱ ይከፍላል። ባለፈው ዓመት ግን አንዱ ተርም አልተከፈለም ተባለና ልጆቹ ከፈተና ሊቀሩ ነበር። ‹ደርሷል› የሚለው መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ለ2018 ራሴ ለትምህርት ቤቱ ጽፌ በአራት ጊዜ ልክፈል፣ እያንዳንዱ ሲደርሳቸው ያረጋግጡልኝ ብል ምን ይመስልዎታል? ደብዳቤው ምን ይበል? በዶላር ብንስማማስ አይሻልም?»

መልስ፦ ስልክዎ ላይ ያለው መልእክት አልዋሸም። ገንዘቡ ደርሷል፤ የደረሰው ግን ወንድምዎ ጋ ነው። ከእርስዎ እስከ ልጁ ስም ድረስ ሦስት እርምጃ አለ። መጀመሪያ ከአፕዎ ወደ ወንድምዎ ሂሳብ፣ ቀጥሎ ከወንድምዎ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ፣ በመጨረሻ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ ወደ ልጁ የክፍያ መዝገብ። እርስዎ የያዙት የመጀመሪያውን ማስረጃ ብቻ ነው። ልጅ ከፈተና የሚያስቀረው ሦስተኛው ነው።

ወንድምዎን ከመጠርጠርዎ በፊት ይህንን ይወቁ። በትምህርት ቤት ሂሳብ ክፍል ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ገንዘቡ አለመግባቱ አይደለም። ገብቶ የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ካሸሯ የባንኩን ስቴትመንት ስታወጣ የምታየው ቀን፣ የብር መጠን፣ ያስገባው ሰው ስምና አንድ የባንክ ቁጥር ነው። የአንድ ክፍል ልጆች ሁሉ የሚከፍሉት እኩል ነው፤ እንበልና 18,000 ብር። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ በአንድ ገጽ ላይ 18,000፣ 18,000፣ 18,000 እየተባለ ይወርዳል። የሚለያቸው ስም ብቻ ነው። ስሙ ደግሞ የከፋዩ እንጂ የተማሪው አይደለም፣ የተጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። «ኃይለ» የሚለውን ስም አንዱ ባንክ በአንድ መንገድ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሌላ። የተማሪው መዝገብ ያለው በአማርኛ ነው። እርስዎ አሜሪካ ውስጥ የባለቤትዎን ስም ይዘው ከሆነማ ስምዎ ከልጆቹ አባትና አያት ስም ጋር በምንም አይገናኝም። እንዲህ ያለ ገንዘብ «ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ» ተብሎ ሰው መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ይቀመጣል። ልጁ ግን በመዝገብ ላይ ባለዕዳ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ መጻፍዎ ትክክል ነው። የደብዳቤው ዋና ሥራ ግን «እከፍላለሁ» ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ብር ከመንቀሳቀሱ በፊት ገንዘቡ በምን ምልክት እንደሚለይና በምን እንደሚረጋገጥ በጽሑፍ መስማማት ነው።

የዶላሩን ነገር ይተዉት። ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ጋር የተዋዋለው በብር ነው፤ ደረሰኝ የሚቆርጠውም በብር ነው። በዶላር አስልቶ የመላክን ጣጣ ብዙ ሰው ያየው ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ለሁለት ልጆች 36,000 ብር ለመሸፈን 630 ዶላር ገደማ ይልክ የነበረ ሰው በ100 ሂሳብ 360 ዶላር ይበቃዋል። ለላኪ ጥሩ ዜና ይመስላል። ግን የለመደውን 630 ዶላር የላከ ሰው 27,000 ብር ትርፍ እዚህ ላይ ተከማቸበት። ያ ብር ለቀጣዩ ተርም ነው? ለቤተሰቡ ስጦታ ነው? ካልተነጋገሩበት ሁለቱም ወገን የየራሱን ያስባል፣ ኩርፊያውም ከዚያ ይጀምራል። እርስዎ የሚያስታውሱት ቁጥር የብሩ ይሁን። በዶላር ስንት እንደሚሆን በከፈሉበት ቀን ይዩት።

በቀጥታ ከአሜሪካ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ መላክም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ የገንዘብ መላኪያ አፖች ከሰው ወደ ሰው ለሚሄድ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ተቀባዩ ድርጅት ሲሆን ላይቀበሉ ይችላሉ፤ ተቀብለውም ከቀናት በኋላ ሊመልሱት ይችላሉ። በባንክ በኩል በስዊፍት መላክ ይቻላል። እዚያ ግን የላኪው ባንክ ያስከፍላል፣ መሀል ላይ የሚያስተላልፈው ባንክም ከገንዘቡ ላይ ሊቆርጥ ይችላል፣ ምንዛሪውም ገንዘቡ በደረሰበት ቀን ተመን ነው። ውጤቱ 18,000 ብር ይሆናል ያሉት 17,300 ሆኖ መግባቱ ነው። ካሸሯ 700 ብር «ቀሪ» ብላ ትይዛለች። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ በዚያ በቀሪው ሰበብ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ይመጣል። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው ስዊፍት ሊያዋጣ ይችላል። በየተርሙ ለሚከፍል ግን አልመክርም።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። በራስዎ ስም ኢትዮጵያ ውስጥ የብር ሂሳብ ይክፈቱ። ባንኮቻችን ውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የዲያስፖራ ሂሳብ ይከፍታሉ። ገንዘቡን በሕጋዊ መንገድ ወደዚያ ሂሳብ ይላኩ፣ ከዚያ በባንኩ የሞባይል መተግበሪያ ለትምህርት ቤቱ በብር ያስተላልፉ። ያኔ የሚገባው ልክ 18,000 ነው፣ ሳንቲም አይጎድልም። የከፋዩ ስም የእርስዎ ነው፣ የባንኩ ቁጥርም በእጅዎ ነው። ሂሳቡን ሲከፍቱ ከውጭ ሆነው ማስተላለፍ እንደሚችሉ፣ የማረጋገጫ ኮዱ በየትኛው ስልክ እንደሚመጣ አስቀድመው ይጠይቁ። ኮዱ ወንድምዎ ኪስ ውስጥ ባለ ሲም ካርድ ላይ የሚመጣ ከሆነ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሂሳቡ እስኪከፈት ድረስ በወንድምዎ በኩል ይቀጥሉ፣ ግን አሠራሩን ይለውጡ። ጥሬ ብር አውጥቶ ካሸር ጋ ከመሰለፍ ከሂሳቡ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ያስተላልፍ። አንድ ልጅ፣ አንድ ዝውውር። ይህቺን አጥብቀው ይያዟት። 36,000 ብር ባንዴ ሲገባ ካሸሯ በታላቁ ልጅ ስም ልትመዘግበው ትችላለች። ታላቁ የሁለት ተርም ከፍሎ ቁጭ ይላል፣ ታናሹ ባለዕዳ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የገጠማችሁ ይህ ሊሆን ስለሚችል የሁለቱንም ልጆች መዝገብ ጎን ለጎን አስወጥቶ እንዲያይ ወንድምዎን ይጠይቁት።

በጥቁር ገበያ የመላክ ሐሳብ ካለዎት፣ ሕገወጥነቱ እንዳለ ሆኖ ለዚህ ጉዳይ በተለይ አይሆንም። ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ላይ የሚያስገባው እርስዎም ወንድምዎም የማታውቁት ሰው ነው። አንዳንዴም 10,000 ከአንዱ፣ 8,000 ከሌላው ሆኖ ይገባል። ያንን ማን ከልጁ ጋር ያገናኘዋል?

ወደ ደብዳቤው እንምጣ። መጀመሪያ አንድ እንቅፋት አለ። የትምህርት ቤቱ ውል ልጆቹን ካስመዘገበው ወላጅ ጋር ነው። እርስዎ ለእነሱ ሦስተኛ ወገን ነዎት። «የልጁን ዕዳ ንገሩኝ» ብለው ቢጽፉ ሂሳብ ክፍሉ ዝም ቢል ጥፋተኛ አይደለም። ስለዚህ ወንድምዎ በራሱ ፊርማ አጭር ደብዳቤ ይስጥ፦ «የልጆቼን ክፍያ የምትሸፍነው እህቴ ናት፤ ስለ ክፍያው መረጃ እንዲሰጣትና ደረሰኙ እንዲላክላት ፈቅጃለሁ።» የእርስዎ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይግባ። ኢሜል ብቻ ልከው አይጠብቁ። ፈርመው ቅጂውን ለወንድምዎ ይላኩለት። አትሞ በእጁ ያስገባና በቀሪው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስመታበት። ከዚያ በኋላ የዕለት ተዕለት ንግግሩ በቴሌግራም ቢሆን ችግር የለውም፤ እውነቱን ለመናገር ሂሳብ ክፍል ቶሎ የሚመልሰው እዚያ ነው።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ለትምህርት ቤቱ ሂሳብ ክፍል። ጉዳዩ፦ የ2018 ዓ.ም. የትምህርት ክፍያን በአራት ጊዜ ስለመክፈል። በ5ኛ ክፍል ‹ለ› እና በ2ኛ ክፍል ‹ሀ› የሚማሩት፣ የመለያ ቁጥራቸው 1142 እና 1387 የሆኑት ተማሪዎች አክስት ነኝ። የአባታቸው የፈቃድ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የዓመቱን ክፍያ በአራት ተርም ከፍዬ ለማጠናቀቅ ፈቃዳችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ክፍያውን ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻ አስተላልፋለሁ፤ በምክንያቱ ቦታም የተማሪውን መለያ ቁጥርና ተርሙን እጽፋለሁ። በመሆኑም የሚከተሉትን በጽሑፍ እንድትገልጹልኝ እጠይቃለሁ፦ የእያንዳንዱ ተርም ክፍያ በብር ስንት እንደሆነና የመጨረሻ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የባንክ ሂሳቡ ቁጥርና በባንኩ የተመዘገበበት ሙሉ ስም፣ ክፍያ ሲዘገይ የሚጣለው ቅጣት፣ እንዲሁም ክፍያውን የሚያረጋግጥልኝ ሠራተኛ ማን እንደሆነ። ገንዘቡ ሂሳባችሁ ውስጥ በገባ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በተማሪው ስም የተቆረጠውን ደረሰኝ ፎቶ እንድትልኩልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

ስለ ቤተሰቡ ችግር፣ ስለ እርስዎ ሥራ፣ ስለ ባለፈው ዓመት ግጭት እዚህ ውስጥ አይጻፍ። የባለፈው ዓመት ጉዳይ ካልተዘጋ ለብቻው ደብዳቤ ይጻፍለት። አለበለዚያ መልሱ ስለ አሮጌው ይሆንና አዲሱ ስምምነት ሳይነካ ይቀራል።

«በሁለቱም አቆጣጠር» ያልኩት ለወግ አይደለም። እንበልና የአንደኛው ተርም የመጨረሻ ቀን መስከረም 30 ነው። ይህ በፈረንጁ ኦክቶበር 10 ቀን 2025፣ ዓርብ ነው። እርስዎ ዓርብ ማታ ከሥራ ገብተው ቢልኩ አዲስ አበባ ቅዳሜ ነው፤ በዚያ ወቅት በመካከላችሁ የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። የባንኩ ቁጥር የሚያሳየው ጥቅምት 1 ነው፣ ቅጣቱም ይጀምራል። አራተኛው ተርም መጋቢት 30 ከሆነ ደግሞ ኤፕሪል 8 ቀን 2026፣ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ላይ ያርፋል። ስቅለት ባንክ ዝግ ነው፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት የበዓል ግርግር ናቸው። እኔ ብሆን እያንዳንዱን ክፍያ ከመጨረሻው ቀን ቢያንስ ስምንት ቀን አስቀድሜ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ላይ አደርገው ነበር። ስህተት ቢገኝ ለማስተካከል አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ይተርፋል።

አሁን አንድ ተርም እስከ መጨረሻው እንከተል። ሐሙስ መስከረም 22 ወይም ኦክቶበር 2 ለታላቁ ልጅ ከፈሉ እንበል። ሰኞና ማክሰኞ አልተመቸዎትም። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የልጁን ስም ሳይሆን ይህን ይጻፉ፦

```
1142 G5B TERM1
```

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ከተጠቀሙ ዝውውሩ በFT የሚጀምር ቁጥር ይሰጠዋል። እንዲህ ያለ ነው፦

```
FT25275XXXXX
```

ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኃዞች የፈረንጅ ዓመቱ ናቸው፣ 2025። ቀጣዮቹ ሦስቱ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረው ቀን ናቸው፤ 275ኛው ቀን ኦክቶበር 2 ነው። የቀሩት የራሱ የዝውውሩ መለያ ናቸው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሰው «ዛሬ ከፈልኩ» ብሎ የላከልዎት ደረሰኝ ላይ FT25170 የሚል ካለ ያ ክፍያ የተፈጸመው ጁን ላይ ነው፣ ያለፈው የትምህርት ዓመት ነው ማለት ነው። ወንድምዎ ደረሰኝ ሲልክልዎት መጀመሪያ እነዚያን አምስት አኃዞች ይዩ፤ ተሳስቶ የቀድሞውን ልኮ ሊሆን ይችላልና።

ዝውውሩ እንዳለቀ ለሂሳብ ክፍሉ አጭር መልእክት ይላኩ፦ «የተማሪ 1142 የ1ኛ ተርም ክፍያ፣ 18,000 ብር፣ መስከረም 22 ገብቷል።» ከሥሩ የFT ቁጥሩን ይጻፉ፣ ባንኩ የሰጠዎትን ደረሰኝም ያያይዙ። ቁጥሩን በፎቶ ውስጥ ብቻ አይተዉት፤ በጽሑፍ ሲሆን ካሸሯ ገልብጣ በስቴትመንቱ ላይ ትፈልገዋለች። «ስክሪንሾቴን አልቀበልም አሉኝ» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ትክክል ናቸው። የባንክ ስክሪንሾት በስልክ በደቂቃ ውስጥ ሊቀየር ይችላል፣ በሐሰተኛ ደረሰኝ የተበላ ነጋዴም ጥቂት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ማመን ያለበት የራሱን ስቴትመንት ነው። የእርስዎ ቁጥር የት ገጽ ላይ እንደሚፈልግ ይጠቁመዋል፣ በቃ።

ከገንዘብ መላኪያ ድርጅት ያገኙትን የመቀበያ ቁጥር ግን ለትምህርት ቤቱ አይላኩ። የዌስተርን ዩኒየን ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር ለምሳሌ ገንዘብ ለማውጣት ነው የሚያገለግለው። ለካሸሯ ምንም አይነግራትም፣ በሰው እጅ ሲዞር ደግሞ አደጋ ነው። የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ምንም ዓይነት ደረሰኝ አይለጥፉ።

ከዚያ የሚጠብቁት መልስ «ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን» የሚለውን አይደለም። ያ ጨዋነት ነው፣ መዝገብ ላይ መግባቱን አያሳይም። የሚጠብቁት የትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ነው። የልጁ ስም ወይም መለያ ቁጥር፣ ተርሙ፣ የብሩ መጠን፣ የደረሰኙ ቁጥርና ቀኑ ሊኖሩበት ይገባል። ሲደርስዎት የFT ቁጥሩንና የደረሰኙን ቁጥር ጎን ለጎን በአንድ ደብተር ወይም ሠንጠረዥ ላይ ይጻፉ። በዓመት ስምንት መስመር ነው፣ ለሁለት ልጅ አራት አራት። ክርክር ሲመጣ ያ ስምንት መስመር ከመቶ ስክሪንሾት ይበልጣል።

በሦስት የሥራ ቀን ደረሰኙ ካልመጣ «ገንዘቤስ?» ብለው አይጻፉ። «በዚህ ቁጥር የገባው 18,000 ብር በስቴትመንታችሁ ላይ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አለ ካሉ ጉዳዩ የምዝገባ ነው፣ የሚፈታውም እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው። የለም ካሉ ጉዳዩ የባንክ ነው። የሂሳቡን ቁጥር ከደብዳቤው ጋር ያመሳክሩና ወደ ባንክዎ ይደውሉ። በተሳሳተ ሂሳብ የገባ ብር ሲመለስ የዚያ ሂሳብ ባለቤት ፈቃድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ቀናት ወሳኝ ናቸው። ቁጥር ካስገቡ በኋላ መተግበሪያው የሚያሳየውን የሂሳቡን ባለቤት ስም ሳያነቡ አይለፉ።

በዓመቱ መሀል «ሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል መልእክት ከመጣም ቆም ይበሉ። ትምህርት ቤቶች ባንክ ይቀይራሉ፤ አጭበርባሪዎችም ይህንኑ ይላሉ። መልእክቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ከበፊቱ በሚያውቁት ስልክ ይደውሉ፣ ወይም ወንድምዎ በአካል ሄዶ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ያምጣ። አዲሱ ሂሳብ በግለሰብ ስም ከሆነ አይክፈሉ።

ይህ ሁሉ የማያስገድደው ነገርም አለ። ትምህርት ቤቱ በአራት ጊዜ መክፈልን እንዲቀበል አይገደድም፤ የራሱ የክፍያ መርሐ ግብር ካለው በዚያ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ በወር ያስከፍላል፣ አንዳንዱ የመመዝገቢያውንና የመጀመሪያውን ተርም አብሮ ይፈልጋል። የተስማማችሁበት ዋጋም የ2018 ብቻ ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት ጭማሪ ካለ ደብዳቤው አያግደውም። ካልተቀበሉዎት ቀኖቹን ለማስቀየር ጊዜ አያባክኑ። የእነሱን ቀን ይውሰዱና የማረጋገጫውን ክፍል ብቻ አስፈርመው ይያዙ፤ እሱን የሚከለክል ሂሳብ ክፍል ብዙ አላየሁም፣ ለራሳቸውም ሥራ ያቀልላቸዋል።

አራተኛው ተርም ከተከፈለ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ የሁለቱንም ልጆች የዓመት ክፍያ መግለጫ ይጠይቁ። ሰኔ ሲገባ ካርድ መስጠትና ክሊራንስ ስለሚጀመር ሂሳብ ክፍሉ ፋታ የለውም። መግለጫው ላይ «ቀሪ» የሚለው ቦታ ዜሮ ካልሆነ ስምንቱን መስመር ይላኩላቸውና የጎደለው የትኛው ደረሰኝ እንደሆነ በቁጥሩ ይጥሩላቸው።